እጅህን ስታነሳ አቆማለሁ

ናሆም ሰባት ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ የእናቱን ቦርሳ ማንገቻ በሁለት እጁ ጨብጧል። አይጮኽም፣ አያለቅስም፤ ከንፈሩን ግን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። እናቱ «ና ግባ፣ ምንም አያደርጉህም» ትለዋለች። አይንቀሳቀስም። ከኋላቸው ሌላ ቤተሰብ መጥቶ መግቢያ ሲያጣ እናት ትሸማቀቃለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» ትለዋለች። ያኔ ልጁ ማልቀስ ይጀምራል።

ናሆም ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠረ ልጅ ነው። እናቱም፣ ቀጥላ የምትመጣው ባለሙያም እንዲሁ። የሚያልፉበት አሠራር ግን የልጆች የጥርስ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲያስተምረውና ሲሠራበት የኖረ ነው። ፈሪ ልጅ የሚረጋጋው በማባበል፣ በማጀገን ወይም ከረሜላ ቃል በመግባት ይመስለናል። በናሆም ቀጠሮ ውስጥ ልጁን የሚያረጋጉት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቁና ሲበቃው ማስቆም መቻሉ። እነዚህን ሁለቱን የምታቀርብለት ደግሞ ሐኪሟ ሳትሆን ጥርስ የምታጸዳው ባለሙያ፣ ብዙዎች ሃይጂኒስት የሚሏት ናት።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ናሆም ጥርሱን ታሞ አያውቅም። ጥርሱ ላይ መርፌ የወጋው፣ መሰርሰሪያ ያስገባበት ሰው የለም። ታዲያ ያላየውን እንዴት ፈራ?

ስታንሊ ራክማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1977 ፍርሃት ወደ ሰው የሚገባባቸውን ሦስት መንገዶች ለይተው አስቀምጠዋል። አንደኛው በራስ ላይ የደረሰ ክፉ ነገር ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲፈራ ማየት ነው። ሦስተኛው መስማት ነው፤ ሰው በወሬ ብቻ ሊፈራ ይችላል። ናሆም የገባው በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ ነው።

አባቱ ያደገው ገጠር ነው። አንድ የበዓል ቀን፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ በልጅነቱ መንጋጋው እንዴት እንደተነቀለ አወራ። ጥርስ ነቃዩ ጉጠት ይዞ መጣ፣ ሁለት ጎረምሶች እጅና እግሩን ያዙት፣ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ለአባትየው ይህ ያለፈና የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ እንግዶቹም ሳቁ። ጥግ ላይ ሆኖ የሚሰማው ልጅ ግን ዳቦውን ማኘክ አቁሞ ነበር። ታሪኩ የሌላ ዘመንና የሌላ አገር መሆኑን የሚለይበት እውቀት የለውም። ለእሱ ጥርስ ማሳየት ማለት በሰው ተይዞ በጉጠት መነቀል ሆነ።

በዚህ ላይ የቤት ውስጥ ማስፈራሪያው አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ አልታዘዝ ሲል «መርፌ አስወጋሃለሁ» ይባላል። ጥርሱን አልቦርሽም ሲል ደግሞ «ሐኪሙ ጋ ወስጄ አስነቅልሃለሁ» ይከተላል። ማስፈራሪያው ለዚያች ምሽት ይሠራል፤ ልጁ ይቦርሻል። ዋጋው የሚከፈለው ግን ልጁ በእርግጥ ወደ ሐኪም በሚሄድበት ቀን ነው። ቅጣት ተብሎ ለወራት ሲነገረው የኖረውን ቦታ፣ በዚያ ቀን «ምንም አያደርጉህም» ቢሉት አያምንም።

ልጁን ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ የእናቱ ሁኔታ ነው። እሷም የጥርስ ወንበር ትፈራለች። መኪና ውስጥ ዝም አለች፣ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ልጆች ይህን ያነባሉ። «አትፍራ» የሚለውን ቃል ሰምተው ሳይሆን የሚናገረውን ሰው ፊት አይተው ይወስናሉ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

ሃይጂኒስቷ የወጣችው የፊት ጭንብሏን አውልቃ ነው። ከእናትየው በፊት ልጁን ሰላም አለችው፤ በርከክ ብላም ዓይኗን ከዓይኑ ጋር አስተካከለች። እጁን አልያዘችም፣ ራሱን አልዳበሰችም። ስሟን ነገረችው፣ ስሙን ጠየቀችው። መልስ አልሰጣትም። እሷም አልደገመችበትም።

«ናሆም፣ እዚህ የሚመጡ ልጆች ስለ ጥርስ ሐኪም ብዙ ነገር ሰምተው ነው የሚመጡት» አለችው። «አንተ ከሰማኸው ውስጥ የቱ ነው የሚያስጨንቅህ?»

ጥያቄዋ በደንብ የታሰበበት ነው። «ትፈራለህ?» ብትለው የሚያሳፍር ጥያቄ ይሆንበት ነበር፤ ወይ ይዋሻል ወይ ያለቅሳል። «ምን አለ የሚያስፈራ?» ብትለው ደግሞ ፍርሃቱን እንደማታምነው ይቆጥራል። የጠየቀችው የፍርሃቱን ስም ነው። ልጁ ብዙ ቆይቶ «ጉጠት» አለ።

እናቱ ልትስቅ ስትል ሃይጂኒስቷ ቀደም ብላ መለሰችለት። «ጥሩ አደረግህ የነገርከኝ። ዛሬ እኔ ክፍል ውስጥ ጉጠት የለም። ና፣ አንተው መሳቢያዎቹን ክፈትና እይ።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው፣ የነገረችው እውነት መሆኑ ነው። ጥርስ መንቀል የሐኪም ሥራ ስለሆነ በማጽጃ ክፍል ውስጥ መንቀያ አይቀመጥም። ሁለተኛው፣ «ዛሬ» ማለቷ ነው። «መቼም አይነቀልብህም» ብላ ቃል ብትገባና ነገ አንድ የተበላሸ ጥርስ መውጣት ቢኖርበት፣ ልጁ ከዚያ በኋላ የምትለውን አንዲት ቃል አያምንም። ልጅን ለማረጋጋት ብሎ መዋሸት ከሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ መበደር ነው።

ናሆም ክፍሉ ገባ። መሳቢያዎቹን ከፈተ። ጓንት፣ ጥጥ፣ የጥርስ ብሩሽ አገኘ። ጉጠት የለም። የእናቱን ቦርሳ ማንገቻ የለቀቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሥራ እሷ የምትሠራው ለምንድን ነው?

የጥርስ ንጽህና ሙያ ከመነሻው ከልጆች ጋር የተሳሰረ ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ፣ አልፍሬድ ፎንስ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም በ1906 ረዳታቸውን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት አስተማሯት። በ1913 ለዚሁ ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከተመራቂዎቹም ብዙዎቹ የተሠማሩት በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ የልጆችን ጥርስ በማጽዳትና ልጆቹን በማስተማር ነበር። የፎንስ ሐሳብ ጥርስ ከተበላሸ በኋላ ከመጠገን ሳይበላሽ መጠበቅ ይሻላል የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ በልጅነት ይጀመራል።

ዛሬም የሥራ ክፍፍሉ ለፈሪ ልጅ የሚመች ነው። ሃይጂኒስት ታጸዳለች፣ ፍሎራይድ ትቀባለች፣ ራጅ ታነሳለች፣ ታስተምራለች። በሽታውን ለይቶ የሚወስነው፣ የሚሰረስረው፣ የሚነቅለው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ልጁ ስለ ጥርስ ሕክምና የሚማረውን ሁሉ የሚማረው ሕመም በሌለበት ሥራ ላይ ነው። ከሕመም በፊት ብዙ መልካም ቀጠሮዎች ያሳለፈ ልጅ፣ በኋላ አንድ የሚያም ቀን ቢገጥመው እንኳ በቀላሉ ፈሪ አይሆንም። የአሜሪካ የልጆች ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ ልጅ የመጀመሪያ ጥርሱ እንደወጣ፣ ቢዘገይ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሐኪም ይየው የሚለው ዋናው ጥርሱን ለመጠበቅ ነው፤ ከፍርሃት አንፃር የሚያስገኘው ጥቅምም ቀላል አይደለም።

መንገር፣ ማሳየት፣ መሥራት

ናሆም ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ወንበሩ ግን ገና ቀጥ ያለ ነው። ሃይጂኒስቷ የተጠቀመችበት ዘዴ በ1959 አደልስተን የጻፉት፣ ከዚያ ወዲህ የልጆች ጥርስ ሕክምና የሚማር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሦስት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ መንገር፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ ከዚያ መሥራት። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው ቅደም ተከተሉን በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ሳያዛንፉ መጠበቁ ነው።

በትንሿ መስታወት ጀመረች። «ይቺ መስታወት ናት፣ እጀታ አላት። ከኋላ ያሉትን ጥርሶችህን የማይባት እሷ ናት።» መንገር ማለት ይሄው ነው፤ አጭርና ልጁ በሚያውቀው ቃል። ቀጥላ መስታወቷን ሰጠችው፤ አገላበጣት፣ የራሱን ዓይን አየባት። ይህ ማሳየት ነው። ከዚያ «አሁን ጥርሶችህን እቆጥራለሁ፣ አፍህን ክፈት» አለችውና ወዲያው ቆጠረች። በማሳየቱና በመሥራቱ መካከል ረጅም ጊዜ ካለፈ ልጁ ባዶውን ጊዜ በፍርሃት ይሞላዋል፤ ስለዚህ ካሳየች በኋላ ወሬ አላበዛችም።

ከባዱ ማለስለሻው ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የላስቲክ ኩባያ ያለችበት፣ እየዞረ የሚያጸዳ መሣሪያ ነው፤ ድምፅ አለው። ሰዎች መሰርሰሪያ ብለው የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ኩባያዋ ግን ለስላሳ ስለሆነች ቆዳ ላይ ብታርፍ እንኳ ከመኮርኮር ያለፈ ስሜት የላትም። ሃይጂኒስቷ መጀመሪያ መሣሪያውን ከልጁ ራቅ አድርጋ አስነሳችው፤ ድምፁ ብቻውን እንዲለመድ። ከዚያ በራሷ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አዞረችው። «ያንተስ ጥፍር?» ስትለው ናሆም አንዲት ጣቱን ዘረጋ። ኩባያዋ ጥፍሩ ላይ ስትዞር ሳቅ አመለጠው። ከጥፍር ወደ ፊት ጥርስ፣ ከፊት ጥርስ ወደ መንጋጋ የሚወስደው መንገድ ከዚያ በኋላ አጭር ነው።

የቃል ምርጫዋም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «አያምህም» አላለችም። ፈሪ ልጅ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚሰማው ሕመም የሚለውን ብቻ ነው፤ ያላሰበውን ታሳስበዋለች። በምትኩ የሚሰማውን ስሜት እንዳለ ነገረችው፦ «ይኮረኩርሃል፤ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ሳሙናው አሸዋ አሸዋ ይላል።» ልጁ የተነገረው ነገር እንደተነገረው ሲደርስ ያምናል። በዚህ ዕድሜ እምነት የሚገነባው አንዲት ትንቢት ተነግራ ስትፈጸም፣ ሌላዋም ስትደገም ነው።

ምርጫ የሰጠችውም ልክ ባለው መንገድ ነው። «ጥርስህን ላጽዳልህ?» ብላ አልጠየቀችውም፤ «አይሆንም» ቢላት ወይ ቃሏን ትበላለች ወይ ሥራዋን ትተዋለች። «እንጆሪ ይሻልሃል ወይስ ሚንት?»፣ «ወንበሩን ትንሽ ላዘንብለው ወይስ ይበልጥ?» አለችው። የማይቀረው ነገር ሳይቀር፣ ልጁ የሚወስነው ነገር አገኘ።

የተነሳችው እጅ

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ስምምነት ነበራቸው። «ሥራ ላይ እያለሁ አፍህ ተይዟል፤ መናገር አትችልም። ስለዚህ እረፍት ስትፈልግ ግራ እጅህን አንሳ። እጅህን ስታነሳ አቆማለሁ። እስቲ እንሞክረው።» መሣሪያው ገና ሳይነሳ ተለማመዱት፤ እጁን አነሳ፣ እጇን መለሰች።

የልጅ ፍርሃት ትልቁ ክፍል አቅም ማጣት ነው። ጀርባው ላይ ተኝቷል፣ ብርሃን ዓይኑ ላይ ነው፣ የትልቅ ሰው እጅ አፉ ውስጥ ነው፣ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ትንሽ ጫና ወይም ንዝረት እንኳ ሕመም ሆኖ ይሰማዋል፤ ፍርሃት የሕመምን ስሜት ያጎላዋልና። የማስቆሚያ ምልክት ይህን ይለውጠዋል።

ናሆም ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶች ላይ እንደተጀመረ እጁን አነሳ። አቆመች። ሲቀጥል እንደገና አነሳ። እንደገና አቆመች። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። እናትየው «ተው እንጂ ናሆም፣ ሰው አታስቸግር» ልትል ስትል ሃይጂኒስቷ በእጇ ምልክት አረጋጋቻት። ልጁ ማስቸገሩ አይደለም፤ ስምምነቱ እውነት መሆኑን እየፈተነ ነው። ፈተናውን ካለፈች እጁ እየቆየ ይነሳል፣ በኋላም ጨርሶ ሊረሳው ይችላል።

ይህ ነገር የሚበላሸው በአንዲት አረፍተ ነገር ነው፦ «ትንሽ ብቻ፣ ልጨርስ።» እጁ ተነስቶ እያለ አንድ ሰከንድ ከተሠራ ምልክቱ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ልጁ ያለው አማራጭ አፉን መዝጋት፣ ራሱን ማዞር ወይም መንከስ ነው። ወላጆች «አመለኛ ሆነ» የሚሉት ጠባይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ቃል በፈረሰበት ቅጽበት ነው።

እጅ ከማንሳት ጋር መቁጠርም ተጨመረ። «እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ አምስት ላይ አወጣዋለሁ» አለችው፤ አምስት ላይ ጥርሱ ገና ንጹሕ ባይሆንም አወጣችው። ቀጥሎ እስከ ስምንት፣ ከዚያ እስከ አሥር ሆነ። መጨረሻው የታወቀ ነገርን መቻል፣ መጨረሻው ያልታወቀን ከመቻል ይቀላል።

ዝም ያለ ልጅ ተረጋግቷል ማለት አይደለም

በመካከሉ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። የምራቅ መሳቢያዋን ነግራዋለች፣ መዳፉ ላይ አስነክታዋለች፤ አፉ ውስጥ ስትገባ ግን የጉንጩን ውስጠኛ ቆዳ ሳበችበትና ደነገጠ። እጁን አላነሳም። ዝም አለ። እናቱ «ጎበዝ፣ አሁን ለመደ» አለች።

ሃይጂኒስቷ ግን የምታየው ሌላ ነበር። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ ጨብጠዋል፣ ጫማው ውስጥ እግሩ ተኮራምቷል፣ ከሁሉም በላይ ትንፋሹን ይዟል። ይህ የመደንዘዝ ዝምታ ነው። ሥራዋን አቆመች፤ «እኔ ነኝ የማርፈው» አለችውና መሳቢያዋን አውጥታ ሰጠችው። ውኃ ካለበት ብርጭቆ በራሱ እጅ እንዲሳብ አደረገች። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ እንዲተነፍስ አሳየችው፤ ረጅም የውጭ ትንፋሽ የልብ ምትን ያበርዳል፣ ትከሻንም ያወርዳል። ሲመለሱ መሳቢያዋን የያዘው ናሆም ራሱ ነበር።

ባለሙያዎች የልጅን ሁኔታ በየቀጠሮው የሚመዘግቡበት መለኪያ አላቸው። በ1962 የወጣው የፍራንክል መለኪያ አራት ደረጃ አለው፦ ጨርሶ እምቢ የሚል፣ የሚያመነታና የማይተባበር፣ እየፈራም ቢሆን የሚተባበር፣ ደስ ብሎት የሚሠራ። ናሆም በር ላይ ሳለ ከመጀመሪያው ደረጃ ነበር። ሲያበቁ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አራተኛው ላይ እንዲደርስ ማንም አልጠበቀም፤ የዚህ ቀን ግቡ ፍርሃት ማጥፋት ሳይሆን ከፍርሃት ጋር መሥራት መቻል ነው። መዝገቡ የሚጠቅመው ደግሞ ቀጣዩ ባለሙያ ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። «ምራቅ መሳቢያ ያስደነግጠዋል፣ ራሱ ይያዝ» የምትለው ማስታወሻ ለሚቀጥለው ቀን ብዙ ትሠራለች።

እናቱ ምን አደረገች?

ሃይጂኒስቷ ለእናትየው አንድ ቦታና አንድ ሥራ ሰጠቻት። ቦታው በልጁ እግር በኩል፣ ሊያያት በሚችልበት ነው። ሥራው እጇን በጉልበቱ ላይ ማድረግና ዝም ማለት ነው። «እኔ ስናገር የእኔን ድምፅ ብቻ ይስማ፤ ሁለታችን ካወራን ግራ ይገባዋል» አለቻት።

ለእናት ይህ ከባድ ነው። ልጇ ሲጨነቅ ዝም ማለት ፍቅር ማጣት ይመስላታል። ነገር ግን «በርታ፣ አይዞህ፣ ሊያልቅ ነው፣ አትንቀሳቀስ» የሚለው ውርጅብኝ ልጁን የሚነግረው ከባድ ነገር እየደረሰበት መሆኑን ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ከፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል፣ የሚደብቀው ነገር ሁለት ይሆናል። የናሆም እናት ዝም ብላ ስትቀመጥ የራሷም ትንፋሽ ረጋ አለ፤ ልጁም በየመካከሉ ቀና እያለ ፊቷን ያያት ነበር።

ያ ዘዴ የማይሠራበት ጊዜ

ትዕግሥት ሁሉንም አይፈታም። ናሆም ፊቱ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥፍር ላይ ኩባያ የማዞር ጊዜ አይኖርም ነበር። ሕመም ላይ ያለ ልጅ አዲስ ነገር መማር አይችልም፤ በቅድሚያ ሕመሙ መታከም አለበት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ማብራሪያ የመከተል አቅም ስለሌለው፣ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ራሱን በሐኪሟ ጉልበት ላይ አስተኝቶ በፍጥነት መታየቱ ይሻለዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ድምፁ ወይም ብርሃኑ ራሱ ስለሚረብሻቸው፣ እርምጃዎቹን በሥዕል አስቀድሞ ማሳየትና አንዱን ቀጠሮ ለብዙ አጫጭር ጉብኝቶች ማከፋፈል ያስፈልጋል።

ፍርሃቱ የበረታ፣ ሥራው ደግሞ ብዙ የሆነ ልጅ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን በአፍንጫ የሚሳብ ማረጋጊያ፣ አልፎም በሆስፒታል ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ያ የባለሙያዋ ሽንፈት ወይም የልጁ አመል ተደርጎ መታየት የለበትም። መቅረት ያለበት ሌላው ጫፍ ነው። በአሜሪካ የሚጮኽን ልጅ አፍ በእጅ ማፈን ለብዙ ዓመታት እንደ ተቀባይ ዘዴ ሲሠራበት ኖሮ፣ የልጆች ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ ከመመሪያው ያወጣው በ2006 ነው። በዚያ መንገድ ያለፉ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል፤ የብዙዎቹ ፍርሃትም ከእነሱ ጋር አድጓል።

ጥርሱ ላይ የተገኘው

ጽዳቱ አለቀ። በመጨረሻ በጥርሶቹ ላይ የፍሎራይድ ቫርኒሽ ተቀባ፤ በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ፣ ከምራቅ ጋር ሲገናኝ የሚጠና ነገር ነው። ለጥቂት ሰዓታት ትኩስና ጠንካራ ነገር እንዳይበላ ተነገረው።

ሃይጂኒስቷ በቆጠራዋ ሁለት ነገር አይታ ለሐኪሟ አስታወቀች። ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ፣ በየመንጋጋው ጫፍ፣ በስድስት ዓመት ገደማ የሚወጡት ቋሚ መንጋጋዎች ብቅ ብለዋል። እነዚህ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ስለሚበቅሉ ብዙ ወላጅ «ገና ይቀየራሉ» ብሎ ይተዋቸዋል፤ አይቀየሩም። ማኘኪያ ገጻቸው ጥልቅ ስንጥቅ ስላለው ምግብ ይይዛል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ሁለተኛው፣ አንድ የወተት መንጋጋው ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ሐኪሟ ገብታ አየችው፤ ራጅ ያስፈልገዋል አለች።

ራጁን ያን ቀን አላነሱም። አፍ ውስጥ የምትገባው የራጅ መቀበያ ድድን ትጫናለች፣ ማስመለስም ታመጣለች፤ ልጁም ደክሟል። ሥራው በሦስት ቀጠሮ ተከፈለ። በሁለተኛው ቀን ራጅና ቋሚ መንጋጋዎቹን የሚሸፍን ሲላንት ይሆናል፤ ሲላንት መርፌም መሰርሰሪያም አይፈልግም፣ ጥርስ ማድረቅ፣ መቀባትና በብርሃን ማጠንከር ብቻ ነው። የሚሞላ ጥርስ ካለ ሦስተኛው ቀን ይሆናል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደው ይህ ሰልፍ ጊዜ ሲኖር ብቻ የሚቻል ነው። ወላጅ ልጁን «ሲያመው እወስደዋለሁ» ብሎ ሲያቆይ የሚያሳጣው ይህንን ሰልፍ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ሦስተኛው ቀን ላይ ይደርሳል።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ልጁ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ከወጣ በኋላ እንደሚነገርለት ነው። ፈሪ ልጆች ከጊዜ በኋላ ከደረሰባቸው የበለጠ አስፈሪ አድርገው እንደሚያስታውሱ የልጆች ሥነ ልቦና ያውቃል። ስለዚህ ሃይጂኒስቷ ስትሸኘው «ጎበዝ» ብቻ ብላ አልለቀቀችውም። «ዛሬ ሦስት ጊዜ እጅህን አንስተህ አቆምኩ። ከዚያ እስከ አሥር ቻልክ። ምራቅ መሳቢያዋን አንተው ያዝክ» አለችው። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ልጅ ይሆናል፤ ይህኛው ግን እሱ ራሱ ያደረገው ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሊደግመው ይችላል። ለእናትየውም ማታ አባቱ ሲመጣ ያደረገውን ራሱ ናሆም እንዲተርክ አድርጊ አለቻት። ለአባትየው ደግሞ መልእክት አላት፦ የጉጠቱን ታሪክ ለጊዜው ያቆየው፤ ሲተርከው ደግሞ ያኔ ማደንዘዣ እንዳልነበረና ዛሬ እንዳለ ይጨምርበት።

እናትየው የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስትይዝ ልትጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮችን አሁን ታውቃለች፤ ማንኛውም ወላጅ ልጁን ከመውሰዱ በፊት በስልክ ሊጠይቃቸው ይችላል። ልጄ ፈሪ ነው፣ ረዘም ያለ ጊዜ ትሰጡታላችሁ? ከእሱ ጋር ክፍሉ ውስጥ መሆን እችላለሁ? እረፍት ሲፈልግ ምልክት አላችሁ? ጠዋት፣ ሳይደክመውና ሳይርበው ማምጣት እችላለሁ? ለእነዚህ በቀናነት የሚመልስ ክሊኒክ ልጁን በትዕግሥት ለማየት የተዘጋጀ ነው። «እኛ ጋ ሲመጡ ሁሉም ዝም ይላሉ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን፣ ልጆቹን ዝም የሚያሰኛቸው ምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ሳታረጋግጡ ቀጠሮ አትያዙ።